«ኤዲቲንግ ላይ ይስተካከላል» ለምትሉ ሁሉ

ትንሽ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ባለፈው ሳምንት አንድ የቀድሞ ተማሪዬ የሁለት ደቂቃ ትዕይንት ላከልኝ። ሥዕሉ ቆንጆ ነው። መብራቱ፣ ፍሬሙ፣ የልጆቹ አክቲንግ፣ ሁሉም ጥሩ ነው። ድምፁ ግን ከጉድጓድ ውስጥ የሚወጣ ይመስላል፤ ከሥሩ ደግሞ ሽሽሽ የሚል ነገር አለ። መልእክቱ አጭር ናት፦ «ቲቸር፣ ይሄን ጫጫታ የሚያጠፋ ሶፍትዌር የቱ ነው?» እኔም አንድ ጥያቄ ብቻ መለስኩለት፦ «ማይኩ ከልጅቷ አፍ ስንት ሜትር ይርቅ ነበር?» ትንሽ ቆይቶ፣ «ካሜራው ላይ ነበር፤ ግን ጌይኑን ጨምረነዋል» አለኝ።

«ግን ጌይኑን ጨምረነዋል።» ዛሬ ያስጻፈችኝ ይቺ ናት።

በልጁ አልፈርድም። እሱ የሰማውን ነው የደገመው። ሴት ላይ ሁላችንም የምንሰማው ይሄንኑ ነው፦ ድምፁ ከራቀ ጌይን ጨምር፤ ከተበላሸ ኤዲቲንግ ላይ ይስተካከላል፤ ካልተስተካከለ ዳብ እናደርገዋለን። እኔ ዛሬ የምለው እንዲህ ነው፦ የንግግር ድምፅ የሚድነውም የሚሞተውም ቀረጻው ቦታ ላይ ነው፤ የሚድንበትም ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ ክፍሉ፣ ቀጥሎ ርቀቱ፣ መጨረሻ ላይ ጌይኑ። እኛ ግን ገልብጠን ከጌይን እንጀምራለን፤ ርቀቱን ለካሜራማኑ እንተዋለን፤ ክፍሉን ጨርሶ አንሰማውም።

እንዴት እንዳወቅኩት ልንገራችሁ፤ ከመጽሐፍ አይደለም። አንድ ትልቅ ሰው በድያለሁ።

ከዓመታት በፊት ነው። የምሠራው በሳውንድ ማንነት ነበር። ሎኬሽኑ አዲስ የተሠራ ቪላ ነው፤ ሳሎኑ 6 ሜትር በ5 ሜትር፣ ከፍታው 3 ሜትር ቢሆን ነው። ወለሉ ሴራሚክ፣ ኮርኒሱ ጂፕሰም፣ አንዱ ግድግዳ እንዳለ መስታወት። ዳይሬክተሩ ወዶታል፤ ለሥዕል በእርግጥም ያምራል። ጥግ ላይ ፍሪጅ አለ። አጥሩን ተሻግሮ ሌላ ቤት እየተሠራ ነው።

ትዕይንቱ የአንዲት እናት ነው። ልጇ የተላከላትን ደብዳቤ ሲያነብላት ትሰማለች፤ መጀመሪያ በለሆሳስ ትናገራለች፣ መጨረሻ ላይ «ልጄ!» ብላ ትጮኻለች። እናቷን የሚጫወቱት አንጋፋ ተዋናይ ነበሩ፤ እዚህ ስማቸውን አልጠራም፤ እኛ ግን «እትዬ» ነበር የምንላቸው። ዳይሬክተሩ ክፍሉ በሙሉ እንዲታይ ፈለገ፤ ሰፊ ሌንስ ተገጠመ። ቡሙን ሳስገባ ፍሬም ውስጥ ገባብኝ። «ወደ ኋላ በል» ተባልኩ፤ አልኩ። «አሁንም ይታያል»፤ አሁንም ወደ ኋላ አልኩ። በመጨረሻ ማይኩ ከእትዬ አፍ 3 ሜትር ያህል ርቆ ቆመ። ሄድፎኑን ሳደርግ ድምፃቸው ከፍሪጁ ድምፅ ጋር ተቀላቅሎ ነው የሚመጣልኝ። እኔ ምን አደረግኩ? ጌይኑን ጨመርኩ። ሜትሩ ላይ አረንጓዴው ከፍ አለ፤ ከፍ ሲልልኝ ደስ አለኝ። «ድምፅ እሺ?» ተባልኩ። «እሺ» አልኩ።

አራተኛው ቴክ ላይ እትዬ አለቀሱ። የትወና ለቅሶ አልነበረም። ክፍሉ ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ ዝም አለ፤ ካት ከተባለ በኋላም ለትንሽ ጊዜ ማንም አልተንቀሳቀሰም። ሁላችንም አገኘነው ብለን ወደ ቤታችን ሄድን።

ኤዲቲንግ ክፍል ውስጥ ስንሰማው ለሆሳሱ የለም። ማለቴ ሜትሩ ላይ አለ፤ ጆሮ ላይ ግን ከፍሪጁ፣ ከጎረቤት መዶሻና ከክፍሉ ጉምጉምታ ጋር እኩል ሆኖ ነው የሚሰማው። «ልጄ!» ያሉባት ቦታ ደግሞ ተሰብራለች፤ ለለሆሳሱ ብዬ የከፈትኩት ጌይን ጩኸቱን መሸከም አልቻለም። ታችም አጣን፣ ላይም አጣን። ከሁለት ወር በኋላ እትዬ ስቱዲዮ ተጠርተው መጡ። የራሳቸውን ከንፈር ስክሪን ላይ እያዩ ደጋግመው ሞከሩ። ስድስተኛው ይሁን ሰባተኛው ሙከራ ላይ ሄድፎኑን አወለቁና፣ «የዛን ቀኑን ለቅሶ ዛሬ ከየት ላምጣው ልጄ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ፊልሙ የወጣው በዳብ ነው። አይቶት «ሴትየዋ ትንሽ ቀዘቀዙ» ያለ ሰው አለ። እሳቸው አልቀዘቀዙም፤ እኔ ነኝ ያቀዘቀዝኳቸው።

አሁን ያን ክፍል መልሰን እንመልከተው።

ርቀት፦ የማይከራከሩት ሒሳብ

ከአፍ የሚወጣ ድምፅ እየራቀ ሲሄድ ይሳሳል። ርቀቱ በእጥፍ በጨመረ ቁጥር በቀጥታ ከአፍ የሚመጣው ድምፅ 6 ዲሲቤል ይወርዳል። ከግማሽ ሜትር ወደ 1 ሜትር ስትሄዱ 6፤ ወደ 2 ሜትር ስትሄዱ ሌላ 6። ከግማሽ ሜትር ወደ 3 ሜትር ስትደርሱ ወደ 16 ዲሲቤል ገደማ አጥታችኋል። የፍሪጁና የመዶሻው ድምፅ ግን አይወርድም፤ ማይኩ ክፍሉ ውስጥ የትም ቢቆም ያው ነው ማለት ይቻላል።

በእትዬ ትዕይንት ላይ እናስላው። በዝግታ የሚናገር ሰው ድምፅ 1 ሜትር ላይ ሆነን ስንለካው 50 ዲሲቤል አካባቢ ነው። ፍሪጅ ያለበትና ከውጭ ሥራ የሚሰማበት ክፍል የራሱ ጫጫታ 40 ዲሲቤል ቢሆን አይገርምም። ማይኩ ግማሽ ሜትር ላይ ቢሆን ኖሮ ድምፃቸው 56 ሆኖ ይደርሰው ነበር፤ ከጫጫታው በ16 ይበልጣል ማለት ነው። 3 ሜትር ላይ ግን የሚደርሰው 40 ብቻ ነው። 40 ለ40። ድምፃቸውና ፍሪጁ እኩል ለእኩል። እኔ ጌይን ስጨምር ምን ሆነ? ሁለቱም አብረው ጨመሩ። ጌይን አይመርጥም። እትዬን ከፍ አድርግ፣ ፍሪጁን ተው ብትሉት አይሰማችሁም፤ የገባለትን ሁሉ ነው የሚያጎላው።

ይሄ የጫጫታው ጉዳይ ነው። ጉምጉምታው ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ሴራሚክና መስታወት የነካውን ድምፅ ይመልሰዋል፤ ስለዚህ ማይኩ የሚሰማው አንድ ጊዜ በቀጥታ ከአፍ፣ ከዚያ ደግሞ ከግድግዳ፣ ከወለል፣ ከኮርኒስ ነው። በእያንዳንዱ ክፍል ውስጥ ቀጥታው ድምፅና የተመላለሰው ድምፅ እኩል የሚሆኑበት ርቀት አለ። ባዶና ጠንካራ በሆነው በዚያ ሳሎን፣ ወደ ሁሉም አቅጣጫ ለሚሰማ ማይክ ይህ ርቀት ግማሽ ሜትር አካባቢ ነው። አቅጣጫ ያለው ማይክ ትንሽ ያራዝመዋል፤ 3 ሜትር ግን አያደርሰውም። ከዚያ ርቀት ባለፋችሁ ቁጥር የምትቀዱት በአብዛኛው ክፍሉን ነው። የተማሪዬ «ከጉድጓድ የሚወጣ» ድምፅ ምስጢሩ ይኸው ነው።

ለማታምኑኝ ዛሬ ማታ ሞክሩት። በስልካችሁ ድምፅ መቅጃ አንድ አረፍተ ነገር ስልኩን አንድ ስንዝር አርቃችሁ ተናገሩ፤ ከዚያ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ትታችሁ 3 ሜትር ራቁና ያንኑ በዚያው ድምፅ ተናገሩ። ሁለተኛውን ስታዳምጡ ከመጀመሪያው ጋር እኩል እስኪሆን ቮሊዩሙን ጨምሩት። ድምፃችሁ እኩል ይሆናል፤ ክፍሉ ግን አብሮ ይመጣል። የራሳችሁን ቤት ጫጫታ ያኔ ታውቁታላችሁ።

ታዲያ ማይኩ የት ይሁን? ከአፍ ከ40 እስከ 60 ሳንቲሜትር፣ ከፍሬሙ የላይኛው ጠርዝ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ከፊት ለፊት ወደ ታች ዘምበል ብሎ ወደ ደረት የሚያይ። ካሜራማኑ «ታየኝ» እስኪል አውርዱት፣ ከዚያ አንድ ጣት ከፍ አድርጉት። ቦታው እዚያ ነው። ፕሮፌሽናል የቡም ዘንግ ከሌላችሁ የቀለም ቀቢዎች የሚስብ ዘንግ ይሠራል፤ እኔ ሁለት ፊልም ሠርቼበታለሁ፤ ማንም ተመልካች አላወቀብኝም።

ማይክ ስለመግዛት የምትጽፉልኝ ብዙ ናችሁ፤ ስለዚህ አንድ ነገር ልበል። ያ ረጅሙ፣ ሁሉም የሚመኘው ሾትጋን ማይክ ቤት ውስጥ ሁልጊዜ ጓደኛ አይደለም። ርዝመቱ የተሠራው ከጎን የሚመጣውን ድምፅ እርስ በርሱ እንዲጣፋ ነው፤ ዝቅ ያለ ኮርኒስና ጠንካራ ግድግዳ ባለበት ክፍል ግን ያው ድምፅ ከየአቅጣጫው እየነጠረ ስለሚገባ ባዶ ባዶ የሚል ቃና ያመጣል። ሴንሃይዘር ኤምኬኤች 416 ውጭ ላይ ንጉሥ ነው፤ ጠባብ ሳሎን ውስጥ ግን አጭር ሃይፐርካርዲዮይድ ብዙ ጊዜ ይሻላል። ከሁለቱም የሚበልጠው ደግሞ የቀረበው ነው። ግማሽ ሜትር ላይ ያለ ርካሽ ማይክ፣ 3 ሜትር ላይ ያለን ውድ ማይክ ያሸንፋል።

ፍሬሙ ሰፊ ከሆነና ቡም ጨርሶ ካልገባ ላቫሊየር አለ። ከአገጭ አንድ ስንዝር ዝቅ ብሎ ደረት ላይ ይቀመጣል። እሱም የራሱ ጣጣ አለው፤ ናይለን ያለበት ልብስ ይፋቅበታል፣ የአንገት መስቀል ይመታዋል፣ ተዋናይቷ ነጠላዋን ባስተካከለች ቁጥር ክሽክሽታ ይመጣል። በሕክምና ፕላስተር ከቆዳ ወይም ከልብሱ ውስጠኛ ገጽ ጋር አጣብቁት፣ ገመዷን ትንሽ ላላ አድርጉ፣ ከዚያ ተዋናይዋን አንድ ጊዜ ተነሺ፣ ተቀመጪ፣ ነጠላሽን ልበሺ በሏት። ክሽክሽታውን የምትሰሙት ያኔ ነው እንጂ ቴኩ መሃል መሆን የለበትም።

ክፍሉ፦ ማንም የማይሰማው ተዋናይ

ወደዚያ ቪላ ስገባ ማድረግ የነበረብኝ የመጀመሪያ ነገር ዕቃ ማውረድ አልነበረም። መሃል ላይ ቆሜ አንድ ጊዜ ማጨብጨብ ነበር። ጭብጨባው ጅራት ካለው፣ ማለትም ጠርርር ብሎ ከቀጠለ፣ ክፍሉ ችግር እንዳለበት ነገረኝ ማለት ነው። ቀጥሎ ሁሉንም ሰው ዝም አሰኝቼ፣ ሄድፎን አድርጌ፣ አንድ ደቂቃ ማዳመጥ። ጆሯችን የለመደውን ድምፅ ይዘለዋል፤ ፍሪጁን ቤት ውስጥ አትሰሙትም፤ ማይክ ግን አይለምድም።

ፍሪጁ ይነቀላል። ባለቤቱ ምግቡ እንዳይበላሽበት ይፈራል፤ ተገቢ ነው፤ ስለዚህ የመኪናችሁን ቁልፍ ፍሪጁ ውስጥ አስቀምጡት። ሳትሰኩት ወደ ቤት መሄድ አትችሉም። ይሄ የእኔ ፈጠራ አይደለም፤ በየአገሩ ያሉ ሳውንድ ማኖች የሚያደርጉት ነው። የሚያቃስት አሮጌ ሸምበቆ አምፖልም ይጠፋል። ጄኔሬተር ካለ ከቤቱ ጀርባ፣ ግድግዳ ተጋርዶት፣ ገመዱ እስከቻለ ድረስ ይራቅ።

ጉምጉምታው በወፍራም ነገር ይሞታል። ከፍሬም ውጭ ባለው ወለል ላይ ምንጣፍና ብርድ ልብስ አንጥፉ፤ ማይኩ ወደ ታች ስለሚያይ ወለሉ ዋናው ጠላቱ ነው። ከካሜራው ጀርባ ባለው ግድግዳ ላይ ሁለት ወፍራም ብርድ ልብስ ስቀሉ፤ በስታንድ ላይ ቢሆን ከግድግዳው ትንሽ ራቅ አድርጉት፤ የበለጠ ይሠራል። የእንቁላል ማስቀመጫ ካርቶን የምትለጥፉ፣ እባካችሁ ተዉት። ካርቶኑ ስስ ነው፤ የንግግሩን ወፍራም ክፍል አይነካውም።

ብርድ ልብስ ግን የጎረቤትን መዶሻ አያቆምም። እሱን የሚያቆመው ሰው ነው። አጥሩን ዞሬ ፎርማኑን፣ «ወንድሜ፣ ምሳ የምትወጡት ስንት ሰዓት ነው?» ብለው ኖሮ የእትዬን ትዕይንት በዚያች ሰዓት መቅረጽ እንችል ነበር። አልጠየቅኩም። አፍሬ ይሁን ሰንፌ እስካሁን አላውቅም።

ከመውጣታችሁ በፊት ደግሞ ሁሉም ባለበት ቆሞ፣ መብራቱ ሳይጠፋ፣ ማይኩ ከቦታው ሳይነሳ፣ የክፍሉን ዝምታ አንድ ደቂቃ ቅዱ። ኤዲተሩ ሁለት ቴክ ሲቀጥል ከመሃል የሚፈጠረውን ጉድጓድ የሚሞላው በሱ ነው። ፍጹም ዝምታ አይሠራም፤ ተመልካቹ ወዲያው ድምፁ ተቆረጠ ይላል።

ጌይን፦ መጨረሻ የሚመጣው

አሁን ማይኩ ቀርቧል፣ ክፍሉ ዝም ብሏል። ጌይን እንነጋገር። ጌይንን እንደ ውኃ ቧንቧ አስቡት። ከማይኩ እስከ ፋይሉ ድረስ ድምፁ የሚያልፍባቸው በሮች አሉ። ገመድ አልባ ላቫሊየር ከሆነ አንዱ በር ተዋናዩ ወገብ ላይ ያለው ትራንስሚተር ነው፤ ሁለተኛው የሪሲቨሩ መውጫ፤ ሦስተኛው የሪከርደሩ ወይም የካሜራው መግቢያ። እያንዳንዱ በር የራሱን ሽሽሽታ ይጨምራል፤ እያንዳንዱ በር የራሱ ጣሪያ አለው።

ስለዚህ ሕጉ፦ መጀመሪያው በር ላይ በቂ ድምፅ ያዙ፣ ከዚያ በኋላ ያሉት ብዙ እንዳይሠሩ አድርጉ። ብዙ ሰው የሚያደርገው ግልባጩን ነው። ትራንስሚተሩን እንዳይሰበር ብሎ ዝቅ ያደርገዋል፣ ከዚያ ካሜራው ላይ ጌይኑን እስከ ላይ ይከፍታል። የካሜራ ማጉያ ብዙውን ጊዜ ደካማ ነው፤ ያ ሽሽሽ የሚለው ነገር የሚመጣው ከዚያ ነው። ሪሲቨሩ ጠንከር ያለ ድምፅ ያውጣ፣ የካሜራው መግቢያ ዝቅ ይበል፤ ወዲያውኑ ትሰሙታላችሁ። በተቃራኒው ትራንስሚተሩ ላይ ቀይ ከበራ ድምፁ እዚያው ተሰብሯል፤ ሪከርደሩ ላይ ብትቀንሱት ያው ስብራት ዝቅ ብሎ ይሰማል እንጂ አይጠገንም።

ልኩስ? በ24 ቢት የምትቀዱ ከሆነ የተለመደው ንግግር ጫፉ ከዜሮ በታች 12 ዲሲቤል አካባቢ ይመላለስ፣ ኃይለኛው ቃል ከ6 አይለፍ። ዜሮ ገደል ነው። «ዝቅ ያለ አይሆንም ወይ?» አትበሉ፤ 24 ቢት በቂ ቦታ አለው፤ በኋላ ከፍ ማድረግ ቀላል ነው። የተሰበረውን ግን መልሶ የሚያድን የለም። ልኩን የምትወስዱት ደግሞ «ሀሎ ሀሎ፣ አንድ ሁለት» በሚል ሙከራ አይደለም። ተዋናዩን፣ «በጣም የምትጮኽበትን መስመር እንደ ቀረጻው አድርገህ በላት» በሉት፤ ቀረጻው ላይ ከዚያም ሊጨምር ይችላልና ትንሽ አስቀሩለት። ለሆሳስም ጩኸትም ባለበት ትዕይንት ቡመኛው ስክሪፕቱን ይወቀው፤ ጩኸቷ ስትመጣ ማይኩን ትንሽ ፈንጠር ያደርጋል፤ ወይም ጩኸቷ ለብቻዋ ሌላ ቴክ ላይ በሌላ ልክ ትቀዳለች።

ካሜራችሁ ላይ አውቶማቲክ ጌይን የሚባለውን አጥፉት። ሰው ዝም ሲል ማሽኑ «ድምፅ ጠፋ» ብሎ ራሱን ይከፍታል፤ በየንግግሩ መሃል ጫጫታው እንደ ማዕበል ከፍ ዝቅ የሚልባቸው ቪዲዮዎች የሚሠሩት እንዲህ ነው።

ለሚከራከሩኝ

«አሁን 32 ቢት ፍሎት አለ፤ ጌይን ማስተካከል ቀረ» የሚሉኝ አሉ። ጥሩ ነገር ነው፤ እኔም እጠቀምበታለሁ። ሪከርደሩ ላይ የሚሆነውን ስብራት ያድናል። ማይኩ ራሱ ወይም ትራንስሚተሩ ላይ የተሰበረውን ግን አያድንም፤ ርቀትን ደግሞ ጨርሶ አያውቅም። 40 ለ40 የገባ ድምፅ በ32 ቢትም 40 ለ40 ነው።

«ጫጫታ የሚያጠፋ ሶፍትዌር አለ» ትላላችሁ። አለ፤ አልክድም። ሳይለዋወጥ የሚቆይ እምምም የሚል ድምፅ ንግግሩ ጎልቶ እስካለ ድረስ በደንብ ይቀንሳል። ንግግሩና ጫጫታው እኩል ከሆኑ ግን አንዱን ሲቆርጥ ሌላውንም ይቆርጣል፤ ሰውየው ውኃ ውስጥ ሆኖ የሚያወራ ይመስላል። «ሰ» እና «ፈ» ይጠፋሉ፤ የቃል መጨረሻ ይበላል። አማርኛ ላይ የቃል መጨረሻ ከጠፋ ማን ማንን እንደመታ አታውቁም፤ «መታኝ» ይሁን «መታት» የተመልካቹ ግምት ነው።

«ሰፊ ፍሬም ከሆነ ድምፁም ራቅ ቢል ነው የሚያምረው» የሚሉ ዳይሬክተሮች አሉ። ሐሳቡ ስሜት ይሰጣል፤ ሥዕሉ ርቆ ድምፁ ጆሮ ሥር ሲሆን ይጋጫል። ግን ቅርብ ሆኖ የተቀዳን ድምፅ ኤዲቲንግ ላይ ትንሽ ማራቅ ቀላል ነው። የራቀን ማቅረብ ነው የማይቻለው። በሩ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው የሚከፈተው።

«በጀት የለም» ለምትሉ፤ ከላይ ከዘረዘርኳቸው ውስጥ ስንቱ ገንዘብ ይጠይቃል? ብርድ ልብስ፣ የመኪና ቁልፍ፣ ጭብጨባ፣ ፎርማኑን መጠየቅ። የሚጠይቀው ከዳይሬክተሩ 20 ደቂቃ ነው። ያቺን 20 ደቂቃ ነው የሚነፍጉን፤ ለመብራት ሁለት ሰዓት እየሰጡ።

ዳብ ጨርሶ አይደረግ አላልኩም። መንገድ ዳር፣ ዝናብ በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ሲወርድ፣ ሌላ ምርጫ የማይኖርበት ጊዜ አለ። ግን ምርጫ እያለ የተመረጠ ዳብ ስንፍና ነው፤ ዋጋውንም የሚከፍለው ሰነፉ ሳይሆን ተዋናዩ ነው።

ሁልጊዜ የሚቆጨኝን ልንገራችሁና ላብቃ። ያን ቀን ሰፊው ፍሬም አልለወጥም ቢባል እንኳ አንድ መውጫ ነበር። ካት እንደተባለ ካሜራውን ትተን፣ እትዬ ገና እንባቸው ሳይደርቅ፣ እዚያው ወንበር ላይ እንዳሉ ማይኩን ግማሽ ሜትር አቅርቤ፣ «እትዬ፣ አንድ ጊዜ ለድምፅ ብቻ ይድገሙልኝ» ማለት። ስሜቱ አለ፣ ክፍሉ ያው ነው፣ አነጋገራቸውም ገና አልተለወጠም፤ ኤዲተሩ ከንፈራቸው ላይ ያስቀምጠው ነበር። አምስት ደቂቃ። እኔ ግን «ድምፅ እሺ?» ስባል «እሺ» ብዬ ነበርና ከዚያ በኋላ እሺ አይደለም ማለት አፈርኩ።

የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ስለዚህ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። ሄድፎን ያደረገው ሰው እናንተ ብቻ ናችሁ። ሌላው ሰው ሁሉ የሚሰማው በገዛ ጆሮው ነው፤ ጆሮው ደግሞ ፍሪጁን ይዘልለታል። ድምፁ ካልመጣ፣ ዳይሬክተሩ ቢቆጣም፣ ፀሐይ እየጠለቀች ቢሆንም፣ «ድምፅ አላገኘሁም» በሉ፤ ጮክ ብላችሁ፣ ሁሉም እንዲሰማ። ተቆጥቶ ቀረጻ ያስቀጠለ እንደሆነ ውሳኔው የሱ ነው። «እሺ» ካላችሁ ግን የእናንተ ነው።

ለዚያ ትዕይንት ለላከልኝ ልጅም የመለስኩለት ይሄንኑ ነው፦ ሶፍትዌር አትፈልግ፤ ልጅቷ ትዕይንቱን ሳትረሳው ነገ ደውልላት፣ እዚያው ቤት ግቡ፣ ፍሪጁን ንቀሉ፣ ማይኩን አቅርበህ አስደግማት። ትናንት ማታ አዲሱን ድምፅ ላከልኝ። «ቲቸር፣ ስትተነፍስ ሁሉ ይሰማል» ይላል።

ሎኬሽን ላይ የደረሰባችሁን እናንተም ጻፉልኝ፤ ከተሳሳትኩም አርሙኝ። ሰላም እደሩ።